ነሐሴ 28 ወይስ የካቲት 30? በግብዓት እሽግ ላይ ያለ ቀን እንዴት ይነበባል?

ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ደጋማ ቀበሌ የሚኖሩ ስድስት ድንች አብቃይ አርሶ አደሮች ክረምቱ ሳይጠነክር የሚረጭ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተዋል። የሚፈልጉት ማንኮዜብ የተባለውን ዱቄት ኬሚካል ነው። ከከተማ የግብዓት ሱቅ ያለው ነጋዴ የእሽጉን ፎቶ በቴሌግራም ላከላቸው። ከፎቶው ሥርም «እስከ ነሐሴ 28 ቀን 2018 ዓ.ም ያገለግላል» ብሎ ጻፈ። ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የሚቆይ ከሆነ ለክረምቱ ርጭት ይበቃል ብለው ስድስቱም ተስማሙ።

ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት ግን ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አርሶ አደር ስልካቸውን ይዘው ወደ ቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሄዱ። የሄዱት ስለ ቀኑ ተጠራጥረው አልነበረም። ለአንድ ጥማድ መሬት ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ለመጠየቅ ነበር። ባለሙያዋ ግን ከመጠኑ በፊት ፎቶውን በጣቷ አሰፋችና «ጋሼ፣ ነሐሴ 28 የሚለውን ማን ነው ያነበበው? እሽጉ ላይ እኮ ነሐሴ የሚል የለም» አለቻቸው።

እሽጉ ላይ የነበሩት ሁለት መስመሮች ናቸው። በመጀመሪያው MFG 10/03/2024፣ በሁለተኛው EXP 09/03/2026 ይላል። MFG የተመረተበትን፣ EXP የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ያመለክታል። ጥያቄው 09/03 የሚለው ነው። ከፊት ያለው 09 ወር ከሆነ ቀኑ ሴፕቴምበር 3 ይሆናል። ከፊት ያለው ቀን ከሆነ ደግሞ ማርች 9 ይሆናል። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ የመጀመሪያው ነሐሴ 28 ቀን 2018፣ ሁለተኛው የካቲት 30 ቀን 2018 ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የሚጎድለው ጊዜ አለ። በአንደኛው ንባብ ኬሚካሉ ለክረምቱ ይደርሳል። በሌላው ንባብ ገና ድንቹ ሳይተከል ጊዜው አልፏል።

ልዩነቱ ለድንች አብቃይ ቀላል አይደለም። ሌት ብላይት የሚባለው የድንች ቅጠል የሚያቃጥል በሽታ በእርጥብና ቀዝቃዛ አየር ይስፋፋል። ጠዋት በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ይታያል፤ ከላይ ደግሞ ውኃ ያዘለ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። አየሩ ከተመቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን ያዳርሳል። ማንኮዜብ በሽታው ከመግባቱ በፊት ቅጠሉን የሚሸፍን መከላከያ እንጂ የታመመውን ቅጠል የሚፈውስ አይደለም። ስለዚህ የተረጨው ዱቄት ኃይሉ የደከመ ከሆነ አርሶ አደሩ የሚያውቀው ማሳው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ዕድል የለም። ማንኮዜብ በሙቀትና በእርጥበት የሚበላሽ በመሆኑም ጊዜው ያለፈበት እሽግ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጨምራል።

ስህተቱ ከየት መጣ?

ነጋዴው ሊያታልል አልፈለገም። ስልኩ ላይ ባለው የቀን መቀየሪያ ውስጥ በእሽጉ ላይ ያየውን ቁጥር እንዳለ ጻፈ፤ 09፣ ከዚያ 03፣ ከዚያ 2026። ስልኩ ግን የተስተካከለው በአሜሪካ አጻጻፍ ነበር። በአሜሪካ አጻጻፍ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል፣ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ መቀየሪያው 09ን ሴፕቴምበር፣ 03ን ሦስተኛ ቀን አድርጎ ተቀበለና ነሐሴ 28 ብሎ መለሰ። የመቀየሪያው ስሌት ትክክል ነበር፤ የተሰጠው ቀን ግን የተሳሳተ ነበር።

ኬሚካሉ የመጣው ከሕንድ ነው። በሕንድ፣ በኬንያ፣ በእስራኤል፣ በአብዛኛው የአውሮፓ ሀገራትና በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል። እኛም በቁጥር ስንጽፍ እንደዚሁ ነው። በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ደግሞ ዓመቱ ከፊት፣ ወሩ ከመካከል፣ ቀኑ ከኋላ ይሆናል። 2026/03/09 ወይም 20260309 የሚል ካለ ዓመቱ ቀድሞ ስለሚታይ ቀሪው ወርና ቀን በተራ እንደሚከተል ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው። ችግሩ የሚነሳው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሲሆንና ሁለቱም የፊት ቁጥሮች ከ12 ያልበለጡ ሲሆኑ ነው።

ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ካለ ግን ጥያቄው ራሱን ይመልሳል። 01/28/2026 ብሎ የተጻፈ ቀን ላይ 28 ወር ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ወርን ያስቀድማል ማለት ነው። በአንድ እሽግ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀን ይታተማልና አንዱ ቀን ግልጽ ከሆነ ሌላውም በዚያው ቅደም ተከተል ይነበባል።

ሁለቱን ቀኖች ማነጻጸር

በዚህ እሽግ ላይ ግን ሁሉም ቁጥር ከ12 በታች ነው። ባለሙያዋ ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን አነጻጸረች። ኬሚካል አምራቾች የአገልግሎት ጊዜን የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ በሙሉ ዓመት ነው። ለብዙ ዱቄት ፀረ ፈንገሶች የተለመደው ሁለት ዓመት ነው።

ወር ይቀድማል ብለን እናንብበው። ምርቱ ኦክቶበር 3 ቀን 2024፣ ማብቂያው ሴፕቴምበር 3 ቀን 2026 ይሆናል። በመካከላቸው 23 ወር አለ። 23 ወር የአገልግሎት ጊዜ የሚሰጥ አምራች አይጠበቅም። አሁን ደግሞ ቀን ይቀድማል ብለን እናንብበው። ምርቱ ማርች 10 ቀን 2024፣ ማብቂያው ማርች 9 ቀን 2026 ይሆናል። ይህ ልክ ሁለት ዓመት ነው፤ አምራቹ የቆጠረው ሁለተኛው ዓመት እስከሚሞላበት የመጨረሻ ቀን ድረስ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመጣም እንደዚያው ነው፤ ከመጋቢት 1 ቀን 2016 እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም።

ስለዚህ ኬሚካሉ ጊዜው ያለፈው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ሲሸጥ ሦስት ወር ተኩል አልፎታል። ሽማግሌው አርሶ አደር ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ልጄ፣ ይኼ ልጅ ነሐሴ ብሎ ሲጽፍልን እኛ በምን እናውቃለን?» አሉ። ጥያቄያቸው የነገሩን ሥር የሚነካ ነው። 09/03/2026 የሚለው ጽሑፍ ቢያንስ አጠራጣሪነቱ ይታያል። ነሐሴ 28 ከተባለ በኋላ ግን ጥርጣሬው ጠፋ። የወር ስም ያለው፣ በሚያውቁት አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ስለሆነ ስድስቱም አመኑት። የተሳሳተ ንባብ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ስህተቱ አይታረምም፤ ይሸፈናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሳይታወቅ ቀን መቀየር አይገባም። የተቀየረ ቀን ሲላክም ከጎኑ እሽጉ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ መጻፍ አለበት።

የማነጻጸሩ ዘዴ ሁልጊዜ መልስ አይሰጥም። ለምሳሌ MFG 05/06/2024 እና EXP 05/06/2026 ቢሆን በሁለቱም ንባብ ልክ ሁለት ዓመት ይሆናል። ማብቂያው ሜይ 6 ወይም ጁን 5 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 28 ወይም ግንቦት 28 ቀን 2018 ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ ማስረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ ወሩ በፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በዚያው ፋብሪካ የተመረተ ሌላ እሽግ ላይ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ምንም ካልተገኘ የሚወሰደው የቀደመው ቀን ነው። የቀደመውን መያዝ ቢበዛ ደህና የሆነ እሽግ ያስመልሳል፤ የኋላውን መያዝ ግን ማሳ ሊያስከፍል ይችላል።

የተመረተበት ሀገር ስም ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። በሕንድ የተመረተ ዕቃ ለአሜሪካ ገዥ ተብሎ ከሆነ የታሸገው ቀኑ በአሜሪካ አጻጻፍ ሊታተምበት ይችላል። አስመጪው ከላይ የራሱን ወረቀት ለጥፎ ከሆነም በአንድ እሽግ ላይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ሀገሩ ይጠቁማል፤ የሚያረጋግጠው ግን እሽጉ ላይ ያለው ሌላ ቀን ነው።

ፎቶው ምን ማሳየት አለበት?

ነጋዴው የላከው ፎቶ ዕድል ሆኖ ሁለቱንም መስመር ይዟል። ብዙ ጊዜ ግን የሚላከው የማብቂያው ቀን ብቻ ተቀርቦ የተነሳበት ፎቶ ነው። እንዲህ ያለው ፎቶ ንጹሕ ቢሆንም ለማነጻጸር አይረዳም። ከቻይና በመጡ እሽጎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታተመው የምርት ቀኑ ብቻ ሲሆን «ሁለት ዓመት ያገለግላል» የሚለው ለብቻው በሌላ ቦታ ይጻፋል። ቀኑን ብቻ ያየ ሰው የምርቱን ቀን የማብቂያ ቀን አድርጎ ገና የሚያገለግለውን ዕቃ ሊጥለው ይችላል።

ቀኑ የሚታተመው ብዙውን ጊዜ በትናንሽ የቀለም ነጥቦች ነው። የላስቲኩ እጥፋት ላይ ከወደቀ 3 ቁጥር 8፣ 1 ቁጥር 7 ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው እሽጉን ዘርግቶ፣ ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ ጎን አዙሮ፣ የምርቱንና የማብቂያውን ቀን፣ የምርት ቁጥሩን እንዲሁም የሀገሩን ስም በአንድ ፎቶ ማሳየት አለበት። ካርቶኑ ካለ የካርቶኑም ፎቶ ይጨመር። አንዳንድ ስልክ ደግሞ በፎቶው ጥግ ፎቶው የተነሳበትን ቀን ራሱ ይጽፋል፤ ያ የዕቃው ቀን አይደለምና መምታታት የለበትም።

ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ

ቅደም ተከተሉ ከታወቀ በኋላ ቅየራው በወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ወር የመጀመሪያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ማወቅ ነው። በተለመደው ዓመት የሚከተለው ነው፤

መስከረም 1፦ ሴፕቴምበር 11
ጥቅምት 1፦ ኦክቶበር 11
ኅዳር 1፦ ኖቬምበር 10
ታኅሣሥ 1፦ ዲሴምበር 10
ጥር 1፦ ጃንዋሪ 9
የካቲት 1፦ ፌብሩዋሪ 8
መጋቢት 1፦ ማርች 10
ሚያዝያ 1፦ ኤፕሪል 9
ግንቦት 1፦ ሜይ 9
ሰኔ 1፦ ጁን 8
ሐምሌ 1፦ ጁላይ 8
ነሐሴ 1፦ ኦገስት 7
ጳጉሜን 1፦ ሴፕቴምበር 6

የእሽጉን ቀን በዚህ እንሥራው። ማርች 9 ከመጋቢት 1 በፊት ስለሚውል የሚገኘው በየካቲት ውስጥ ነው። የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ፌብሩዋሪ 28 ቀን አለው፤ ስለዚህ ከ8 እስከ 28፣ 8ን ራሱን ጨምሮ 21 ቀን ነው። በዚህ ላይ የማርችን 9 ቀን ስንጨምር 30 ይሆናል። የካቲት 30 ማለት ነው።

ዓመቱን ለማግኘት ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ጊዜ 8 ይቀነሳል። ማርች የሚውለው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነውና ከ2026 ላይ 8 ሲቀነስ 2018 ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበት ዓመት ነው። የሚመጣው 2019 ዓ.ም ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ቀን ይኖራታል። በዚህ ምክንያት መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራትም እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ዘግይተው ይጀምራሉ። ኦክቶበር 15 ቀን 2027 የሚል ማብቂያ በተለመደው ዝርዝር ጥቅምት 5 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን ጥቅምት 4 ቀን 2020 ነው። መጋቢት 1 ላይ ሲደረስ ልዩነቱ ያበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2028 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስላለው ተመልሶ ማርች 10 ላይ ይውላል።

ሁለተኛው ወርና ዓመት ብቻ የተጻፈበት ነው። 09/2026 ብሎ ብቻ የተጻፈ የእንስሳት መድኃኒት አገልግሎቱ የሚያበቃው በተለመደው አሠራር ወሩ ሲያልቅ ነው፤ ሴፕቴምበር 30 ማለት ነው። ይህ በእኛ መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም ይሆናል። የሴፕቴምበር መጀመሪያ ግን ነሐሴ 26 ቀን 2018 ነው። አንዱ የፈረንጅ ወር ነሐሴን፣ ጳጉሜንና መስከረምን ይነካል፤ በመካከሉ ዘመን ይለወጣል። 09 የሚለውን አይቶ ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው ብሎ የሚያነብ ሰውም አለ። ዓመቱ 2026 እስከሆነ ድረስ ወሩም የፈረንጅ ወር ነው፤ አንዱን ከዚያ፣ አንዱን ከዚህ መውሰድ አይቻልም።

ሱቁ ውስጥ

ባለሙያዋ ለነጋዴው ደውላ ካርቶኑን እንዲያይ ጠየቀችው። ካርቶኑ ላይ ወሩ በፊደል ተጽፎ ነበር፤ ማርች 2026 ይላል። ነጋዴው ቀሪዎቹን እሽጎች ከመደርደሪያ አወረደ። ከዚያም ሌላ ካርቶን ፈልጎ የሁለቱንም ቀን ፎቶ ላከ። በዚህኛው ላይ የምርቱ ቀን 22/11/2025፣ ማብቂያው 21/11/2027 ነው። 22 ወር ሊሆን ስለማይችል ቀን እንደሚቀድም ያለ ክርክር ታወቀ፤ በመካከላቸውም ሁለት ዓመት አለ። ማብቂያው ኖቬምበር 21 ቀን 2027 ሲሆን ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ስለሚውል ኅዳር 1 ኖቬምበር 11 ተብሎ ይቆጠራል። ውጤቱ ኅዳር 11 ቀን 2020 ዓ.ም ነው።

ጊዜው ያለፈውን እሽግ መጠኑን በእጥፍ አድርጎ መርጨት መፍትሔ አይደለም፤ ምን ያህል ኃይል እንደቀረው በዓይን አይታወቅምና። ወንዝ ዳር መጣልም ሆነ ከማሳ ጥግ መቅበር አይገባም። አርሶ አደር ሳያውቅ ገዝቶት ከሆነ ሳይከፍተው ለሻጩ መመለስ ወይም ለልማት ጣቢያው ማሳወቅ አለበት። ቀኑ ትክክል ቢሆንም እሽጉ የተቀደደ፣ ዱቄቱ የረጋ ወይም የረጠበ ከሆነ የታተመው ቀን ዋስትና አይሆንም።

ሽማግሌው አርሶ አደር አዲሱን እሽግ ሲረከቡ በደብተራቸው ላይ ሁለት መስመር አጻፉ። በመጀመሪያው መስመር እሽጉ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ሰፈረ፤ 21/11/2027። በሁለተኛው «ቀን ይቀድማል፣ ኅዳር 11 ቀን 2020 ዓ.ም» ተባለ። ሌላ ሰው ቢጠራጠር ከመጀመሪያው መስመር ተነስቶ ሁለተኛውን መመርመር ይችላል።